ምክንያት የመስጠት ግዴታ፦ የታክስ ቅሬታ ውሳኔ በባሕር ዳር

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰውን መብት ወይም ጥቅም የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥ፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ለባለጉዳዩ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ለፌዴራል አስፈጻሚ አካላት ይህን የደነገገው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። አዋጁ በባሕር ዳር ያሉ የፌዴራል ቅርንጫፎችን ይመለከታል፤ የክልሉ ቢሮዎችና የከተማ አስተዳደሩ ግን የሚመሩት በክልሉ ሕግ ነው።

በቂ ምክንያት ምን ምን መያዝ እንዳለበት በግልጽ ከሚነግሩን ሕጎች አንዱ የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። ግብር ከፋዩ በተወሰነበት ታክስ ላይ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ የሚሰጠው ውሳኔ በዋና ዋና ፍሬ ነገሮች ላይ የተደረሰበትን ግኝት፣ የውሳኔውን ምክንያትና ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ የማለት መብቱን መያዝ አለበት።

ለምሳሌ ቱሪስቶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንውሰድ፤ የግብር ፋይሉም በፌዴራሉ ቅርንጫፍ ነው እንበል። ኦዲተሩ የ400,000 ብር የነዳጅ ወጪ ውድቅ አደረገበት። ማኅበሩ በቅሬታው ለ150,000 ብሩ ደረሰኝ እንደሌለው አመነ። የቀረው 250,000 ብር ደረሰኝ አለው፤ ነገር ግን የተቆረጠው በጀልባ ነጂዎቹ ስም ነው። ስለዚህ ነዳጁ ለማኅበሩ ሥራ መዋሉን ለማሳየት የጉዞ መዝገቡን አያይዞ አቀረበ።

«የቀረበው ማስረጃ ተቀባይነት ስላላገኘ ቅሬታው ውድቅ ተደርጓል» የሚል መልስ ቢደርሰው ምክንያት ተሰጠው አይባልም። ስሙን ቀይሮ ለሌላ ግብር ከፋይ ቢላክ ያው ነውና። የአዋጅ አንቀጽ ቢጠቀስበትም አይሻሻልም፤ ሕጉ ከዚህ ማኅበር ደረሰኞች ጋር እንዴት እንደተገናኘ አልተነገረም።

በቂው ውሳኔ ሁለቱን ገንዘቦች ለይቶ ያያል። ለ150,000 ብሩ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ወጪ በሰነድ መደገፍ አለበት፣ ሰነድ አልቀረበም። ክርክሩ ያለው 250,000 ብሩ ላይ ስለሆነ የጉዞ መዝገቡ መመርመሩን፣ የደረሰኞቹ ቀን ከጉዞዎቹ ቀን ጋር መግጠም አለመግጠሙን፣ ገጥሞም ከሆነ በነጂ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ለምን እንደማይበቃ መናገር ይኖርበታል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው፤ ባለጉዳዩ ያቀረበው ዋናው መከራከሪያ ካልተመለሰ ረጅም ደብዳቤም ቢሆን ባዶ ነው። እያንዳንዷን ነጥብ መመለስ ግን አይጠበቅም።

ጉድለቱ የሚጎዳው ይግባኝ ላይ ነው። የታክስ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ሲሆን፣ ይግባኙ ደግሞ በቀን የተገደበ ነው። መዝገቡ ያልታመነው ቀኑ ስላልገጠመ ይሁን የነጂዎቹ ፊርማ ስለጎደለው ካላወቀ፣ ማኅበሩ ለኮሚሽኑ የትኛውን ማስረጃ አሟልቶ እንደሚያቀርብ በግምት ይመርጣል። መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን በመልስ ክርክሩ ላይ ቢያወጣው እንኳ፣ ማኅበሩ ይግባኙን የጻፈው ሳያውቀው ነው።