አንድ የጀልባ ሞተር፣ ሁለት መዝገብ፦ የማስረዳት ሸክምና ልክ በሕግ ፈተና ላይ

ባሕር ዳር ውስጥ ለመውጫ ፈተና የሚያነብ የሕግ ተማሪ የማስረጃ ሕግን ሲጠየቅ ሁለት ነገር ቶሎ ይመልሳል። በፍትሐ ብሔር ሚዛን የደፋለት ይረታል። በወንጀል ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፈተናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አንድ እርምጃ አለፍ ይላል። አንድ ታሪክ ይሰጥና፣ ያንኑ ታሪክ ሁለት ችሎት ላይ አቁሞ ውጤቱን ይጠይቃል። ነጥብ የሚፈስሰው እዚያ ላይ ነው።

ሐይቁ ዳር ላለ አንባቢ የሚቀርብ ታሪክ እንውሰድ። ሙሉቀን የጀልባ ሞተሩን ለደሳለኝ ለሁለት ሳምንት አከራየ። ደሳለኝ በሞተሩ ወደ ዘጌ ሰው ያመላልስበታል። የኪራይ ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ሁለቱም አይክዱትም። ጊዜው ሲያልቅ ሙሉቀን «ሞተሬ አልተመለሰልኝም» አለ። ደሳለኝ ደግሞ «በመጨረሻው ቀን ማታ ወደቡ ላይ ለጥበቃው አስረክቤያለሁ፤ ለእሱ ስጠው ያልከኝ አንተው ነህ» አለ። ጥበቃው ከተማውን ለቆ ሄዷል፣ አልተገኘም። አንድ የባጃጅ ሹፌር በዚያ ምሽት ደሳለኝንና አንድ ሞተር ወደቡ ድረስ ማድረሱን ይናገራል፤ ርክክቡን ግን አላየም። አንድ ጎረቤት ጀልበኛ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት የሙሉቀን ጀልባ ላይ ሞተር እንዳልነበረ ይመሰክራል። የተጻፈ መረከቢያ የለም።

መጀመሪያ ሙሉቀን በፍትሐ ብሔር ከሰሰ እንበል። እዚህ የሚያስፈልገው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2001 ነው። ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል። ግዴታው ፈራሽ ነው፣ ተለውጧል ወይም ቀርቷል የሚለው ወገን ደግሞ ይህን ያመጣውን ነገር ያስረዳል። ሙሉቀን ውሉን አቀረበ፣ የእሱ ድርሻ በዚህ አለቀ። ሞተሩን መመለስ ግዴታን መፈጸም ነው፤ በአንቀጽ 1806 መሠረት ደግሞ የተፈጸመ ግዴታ ቀሪ ይሆናል። ስለዚህ «መልሻለሁ» ያለው ደሳለኝ መመለሱን ማስረዳት አለበት። ሙሉቀን አለመመለሱን እንዲያስረዳ አይጠበቅም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ከሳሽ ያስረዳል» የሚለውን ይዞ ሁሉንም ነገር ከሳሹ ላይ ይጭናል። ሸክሙ ግን የሚከፋፈለው በጭብጥ ነው፣ መዝገቡ ላይ በተጻፈ ስም አይደለም።

አሁን ዳኛዋ የባጃጅ ሹፌሩንም ጎረቤቱንም ሰሙ። ሞተሩ ወደቡ ድረስ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ጥበቃው ተረክቦ ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ ደሳለኝ ይዞት ተመልሶ ሊሆንም ይችላል። ሚዛኑ እኩል ቆመ። የማስረዳት ሸክም ዋና ሥራው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ ዳኛው መወሰን ሲያቅተው ማን ይሸነፋል ለሚለው መልስ ይሰጣል። መመለሱን ማስረዳት የነበረበት ደሳለኝ ነው። አላስረዳም። ይሸነፋል፣ የሞተሩን ዋጋ ይከፍላል።

ያው ታሪክ ወደ ወንጀል ችሎት ይሂድ። ዐቃቤ ሕግ ደሳለኝን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675፣ በእምነት ማጉደል ከሰሰው። እዚህ «መልሷል ወይስ አልመለሰም» የሚለው ጥያቄ ቦታው ተለወጠ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ ባልተሟሉበት ወንጀል የለም። ሞተሩን ለራሱ ማድረጉም፣ የማይገባ ጥቅም የማግኘት ሐሳቡም ከእነዚህ ፍሬ ነገሮች ውስጥ ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) ተከሳሹ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። ስለዚህ በፍትሐ ብሔሩ የደሳለኝ ሸክም የነበረው ነጥብ እዚህ የዐቃቤ ሕግ ሆነ። ልብ በሉ፤ የተለወጠው የማስረጃው መጠን ብቻ አይደለም። ሸክሙን የሚሸከመው ሰው ራሱ ተለወጠ።

ሂደቱን ደረጃ በደረጃ እንየው፣ ምክንያቱም ጥያቄ የሚወጣው ከመሃሉ ነው። ዐቃቤ ሕግ ውሉንና ጎረቤቱን አሰምቶ ጨረሰ። ፍርድ ቤቱ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይህ ማስረጃ ካልተስተባበለ ጥፋተኛ ያስብላል ወይ? አያስብልም ካለ ተከሳሹ መከላከያ ሳያሰማ በነጻ ይሰናበታል። በእኛ ታሪክ ሞተር ተቀብሎ አልመለሰም የሚል ማስረጃ ስላለ ፍርድ ቤቱ «ተከላከል» ቢል አይገርምም፤ ደሳለኝም በአንቀጽ 142 መሠረት መከላከያውን ያሰማል። «ተከላከል» ማለት ግን «ንጹሕነትህን አስረዳ» ማለት አይደለም። እዚህ ጋ ሁለት ሸክሞችን ለይቶ የሚጽፍ ተማሪ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። አንዱ ማስረጃ የማቅረብ ሸክም ነው፤ ይህ በተግባር ወደ ተከሳሹ ሊዞር ይችላል። ሌላው የማሳመን ሸክም ነው፤ ይህ እስከ ፍርዱ ድረስ ከዐቃቤ ሕግ ትከሻ አይወርድም። ደሳለኝ ርክክቡን ባያረጋግጥም፣ የባጃጅ ሹፌሩ ቃል ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ከፈጠረ በቂው ነው። ዳኛው መመለሱን እንዲያምኑ አያስፈልግም። ስላለመመለሱ እርግጠኛ አለመሆናቸው ይበቃል። ደሳለኝ በነጻ ይሰናበታል። በግሌ ከፈተና ወረቀት ላይ በጣም የሚያሳስበኝ «ተከሳሹ ሊያስተባብል ስላልቻለ ጥፋተኛ ነው» የሚል አጭር ድምዳሜ ነው። የጎደለው መሃሉ ነው፤ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መከላከያው ከተሰማ በኋላም ጥርጣሬን ያስወግዳል ወይ የሚለው።

ስለ ማስረዳቱ ልክ አንድ ጥንቃቄ። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» የሚል ሐረግ ፈልጋችሁ አትድከሙ። ከንጹሕነት ግምቱ፣ ከትምህርቱና ከፍርድ ቤት ልማድ የመጣ ነው። አንቀጽ ቁጥር ፈጥሮ የሚጠቅስ ተማሪ ራሱን ያጋልጣል። ለፍትሐ ብሔሩ ሚዛን «51 በመቶ» የሚባለውም ለማስታወስ ይረዳል እንጂ ዳኛ ምስክር በመቶኛ አይመዝንም። ለዚህም ነው አማራጮቹ ውስጥ ቁጥር ያለበትን በጥርጣሬ ማየት የሚሻለው።

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል። ደሳለኝ በወንጀል ነጻ ከወጣ በኋላ ሙሉቀን በፍትሐ ብሔር ሊረታ ይችላል? ይችላል። ብዙዎች ወዲያው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2149 ይጠቅሳሉ፤ ፍርድ ቤቱ ጥፋት መኖሩን ሲወስን በወንጀል ነጻ መውጣት አያስገድደውም ይላል። አንቀጹ ግን የሚገኘው ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት ውስጥ ነው። የሙሉቀን ክስ ደግሞ የውል ክስ ነው፤ በአንቀጽ 2037 ውልን አለመፈጸም ለብቻው ከውል ውጭ ጥፋት አይሆንም። ስለዚህ የተሻለው መልስ፣ ሁለቱ መዝገቦች የተለያየ ጭብጥና ሸክም ስላላቸው የወንጀሉ ነጻ መውጣት የመመለሱን ጉዳይ አይዘጋውም የሚል ነው።

ፈታኙ ታሪኩን ትንሽ ቢያጣምም ግን አንቀጹ በቦታው ይገባል። ውል አልነበረም፣ ሞተሩ በሌሊት ከጀልባው ተነቅሎ ጠፋ፣ ደሳለኝ በስርቆት ተከስሶ ነጻ ወጣ እንበል። አሁን ሙሉቀን የሚከሰው ከውል ውጭ ነው። አንቀጽ 2149 ይሠራለታል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 2141 መሠረት የጉዳቱን መጠንም፣ ደሳለኝን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታም ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ሚዛኑ እኩል ቢቆም በዚህኛው መዝገብ የሚሸነፈው ሙሉቀን ነው።