ቃሉ ጠፍቶ ነገሩ ሲቀር፦ በግለ ታሪክ ውስጥ ምልልስ ስለመጻፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የራሱን ትዝታ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ይቸግረዋል። ሰዎቹ መናገር አለባቸው። የተናገሩት ግን ድሮ ነው፣ ቃላቸውም የለም። ታዲያ ምን ይጻፍ? በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ ነገር ቃል በቃል የተባለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ውሸት ነው።»

በዚህ ሚዛን ከሄድን ምልልስ ካለባቸው ግለ ታሪኮች አንድም አይተርፍም። አእምሯችን ቃሉን ቶሎ ይጥልና ትርጉሙን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ጃክሊን ሳክስ የተባለች ተመራማሪ ሰዎችን ታሪክ አስደመጠችና ከሰሙት ዓረፍተ ነገር አንዱን መልሳ አቀረበችላቸው፤ አንዳንዴ እንዳለ፣ አንዳንዴ አነጋገሩን ብቻ ቀይራ፣ አንዳንዴ ደግሞ ትርጉሙን ገልብጣ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ አነጋገሩ መቀየሩን አብዛኞቹ መለየት አቃታቸው። ትርጉሙ ሲገለበጥ ግን ያውቁ ነበር። ግማሽ ደቂቃ እንዲህ ካደረገ ሃያ ዓመት ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ስለ ፔሎፖኔዝ ጦርነት ሲጽፍ ንግግሮቹን ቃል በቃል ማስታወስ ለእሱም ሆነ ለነገሩት ሰዎች ከባድ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ከተባለው ጠቅላላ ሐሳብ ሳይርቅ፣ ተናጋሪው በዚያ ሁኔታ ሊለው የሚገባውን አድርጎ ጻፈው። ዛሬ የምንከራከርበትን ነገር እሱ ያኔ መጽሐፉ መግቢያ አካባቢ አስቀምጦታል።

የጋዜጠኛ ጥቅስ ሌላ ነው። እሱ መቅረጫ ይዞ፣ ማስታወሻ እየያዘ ነው የሚሰማው፤ አንባቢም ያንን አምኖ ነው የሚያነብለት። ግለ ታሪክ የሚያነብ ሰው ግን ጸሐፊው በሰባት ዓመቱ መቅረጫ ይዞ እንዳልዞረ ያውቃል።

«እኔ ግን በደንብ ነው የማስታውሰው፤ ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።»

እዚህ ላይ የጆን ዲንን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ዲን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሕግ አማካሪ ነበር። የኒክሰን የምርጫ ዘመቻ ሰዎች የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ ሰብረው ገብተው ነበር፤ ነገሩ ዋተርጌት ይባላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1973 የዋተርጌት ጉዳይ ሲመረመር በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ 245 ገጽ መግለጫ አነበበ። ማን የት ተቀምጦ ምን እንዳለ ሳይቀር ዘረዘረ። በዚህ የተነሳ «የሰው ቴፕ መቅረጫ» ያሉትም ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ኒክሰን ቢሮው ውስጥ የሚነገረውን በእውነተኛ ቴፕ ያስቀርጽ እንደነበር ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ኡልሪክ ናይሰር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የዲንን ምስክርነት ከቴፑ ጽሑፍ ጋር አስተያየው። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1972 ስለተደረገው ስብሰባ ዲን ከተናገረው ቃል እውነት ሆኖ የተገኘው ከምንም አይቆጠርም። ኒክሰን ተቀመጥ አላለውም። የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ጠቅሶ «ሃልደማን ሁሉንም ነግሮኛል» አላለውም። ዲን ራሱ ነገሩ አንድ ቀን ሊፈነዳ እንደሚችል ያስጠነቀቀ መስሎት ነበር፤ ቴፑ ላይ የሚሰማው ግን ምርጫው እስኪደርስ ባሉት 54 ቀናት የሚያስደነግጥ ነገር እንደማይመጣ ሲያረጋግጥ ነው። እንዲያም ሆኖ ዋናው ነገር ትክክል ነበር። ኒክሰን ነገሩ እየተሸፋፈነ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ዲንም አልዋሸም።

ለጸሐፊ የሚጠቅመው ዝርዝር ግን ሌላ ነው፦ ትዝታው የተዛባው ወደየት እንደሆነ እዩ። ወደ ዲን ነው። በትዝታው ውስጥ እሱ ይበልጥ ጠንቃቃ፣ ይበልጥ አስተዋይ፣ ይበልጥ ማዕከላዊ ሰው ሆኗል። ስለዚህ ረቂቃችሁን ስታነቡ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የራሳችሁን ንግግር ይሁን። በተለይ ያቺን የመጨረሻ፣ ሌላውን ሰው አፍ ያስያዘች፣ ቆንጆ መልስ። ብዙ ጊዜ እሷ የመጣችው ከሁለት ቀን በኋላ ደረጃ ስትወርዱ ነው።

«እሺ፣ ፍሬ ነገሩ ካልተዛባ ቃሉን እንደፈለግኩ መሙላት እችላለሁ ማለት ነው።»

ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ሰው ፍሬ ነገር ሲል ስሜቱን ማለቱ ነው፤ ስሜት ደግሞ ምንም ያስገባል። የሚሻለው መለኪያ በንግግሩ ምን ተደረገ የሚለው ነው። ቃል ተገባ? ተከለከለ? ተሰደበ? ይቅርታ ተጠየቀ? ያ ሰው ያኔ ምን ያውቅ ነበር? እነዚህን ከነኩ ፈጠራ ነው። ካልነኩ መልሶ ማቀናበር ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማቋረጡን ለአባቱ የነገረበትን ምሽት ሊጽፍ ነው እንበል። በእጁ ያለውን መጀመሪያ ለይቶ ያስቀምጥ። ቃሉን የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቱ «ካሰብክበት ጥሩ» ብሎታል። የተደረገውን ግን ያስታውሳል፦ አባት ሬዲዮ እየጠገነ ነበር፣ ቀና አላለም፣ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ልጁ ብዙ አውርቷል፤ ምን እንዳወራ ግን ጠፍቶታል። አሁን የመጀመሪያ ረቂቁን እንይ፦

«አባዬ፣ ትምህርቱን ላቆም ነው።»
«ልጄ፣ እኔ የመማር ዕድል አላገኘሁም። ያጣሁትን በአንተ ለማየት ስል ነው ስለፋ የኖርኩት።»
«የአንተን ሕልም ሳይሆን የራሴን መኖር እፈልጋለሁ።»

ሲነበብ ይጥማል። ግን ያ አንድም ጥያቄ ያልጠየቀ ዝምተኛ ሰው ልቡን የሚዘረግፍ ተናጋሪ ሆኗል። ሕይወቱን ሙሉ ለልጁ ያልነገረውን ነገር እዚህ ተናዘዘ፤ ይሄ ኑዛዜ ደግሞ አልተደረገም። ልጁም ቆንጆዋን መልስ ለራሱ ወስዷል። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ነው፦

ትምህርቱን ማቋረጤን ነገርኩት። እንዴት ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ብዙ ማውራቴን ግን አስታውሳለሁ። ሬዲዮኑን ገልብጦ ብሎን እየፈታ ነበር፤ ቀና አላለም።
«ካሰብክበት ጥሩ» አለኝ።
«አስቤበታለሁ።»
«እንግዲያው ጥሩ።»

ከሦስቱ ንግግሮች የተረጋገጠችው የመጀመሪያዋ ናት። የቀሩት ሁለቱ የተቀናበሩ ናቸው፤ ግን ማንም ላይ አዲስ ነገር አልጫኑም። ልጁ እንደጸና፣ አባትም ነገሩን እንደዘጋው ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ያ ደግሞ የተደረገ ነው። ልጁ የረሳው ረጅም ንግግርም እንደተረሳ ተነገረ እንጂ አልተፈበረከም። ባጠቃላይ የረሳችሁት ነገር በረዘመ ቁጥር በትረካ አሳጥሩት፤ ምልልሱን አጭር ለሆነውና ለሚታወሰው ተዉለት።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ልጁ አባቱን «አንተ» ይለው ነበር ወይስ «እርስዎ»? ይህ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም፣ ዝምድናው ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ መገመት አይፈቀድም። ደግነቱ ይህ ብዙ ጊዜ አይረሳም። ሁለተኛ፣ «ትምህርተ ጥቅሱን አውጥቼ "አለኝ" ብዬ ብጽፈውስ?» የሚሉ አሉ። ይረዳል፤ አንባቢ ቃል በቃል አይጠብቅም። ግን ትምህርት ካቆምክ ቤቴ አትገባም አለኝ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ጥቅስ ኖረም አልኖረ ሰውየው ዝቷል እያላችሁ ነው። ካልዛተ አልዛተም።

ፍርድ ቤትም ተቀራራቢ ነገር ብሏል። ጄፍሪ ማሰን የተባለ የሥነ ልቦና ትንተና ባለሙያ ጋዜጠኛዋ ጃኔት ማልኮምን ያላልኩትን ጠቅሳለች ብሎ በስም ማጥፋት ከስሷት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ወሰነ። የሰውን ቃል አውቆ መለወጥ ብቻውን እያወቁ ሐሰት እንደመጻፍ አይቆጠርም፤ ለውጡ ትርጉሙን በጉልህ ከቀየረው ግን ይቆጠራል። ጉዳዩ የጋዜጠኝነት ነው፣ ሕጉም የዚያ አገር ነው። መለኪያው ግን ለኛም ይሠራል።

«መግቢያው ላይ "ንግግሮቹ ከትዝታ የተቀናበሩ ናቸው" ካልኩ ከደሙ ንጹሕ ነኝ።»

ያቺ ማስታወሻ የምትሸፍነው አነጋገሩን ነው። ያልተደረገ ጭቅጭቅ ጨምራችሁ ከሆነ አትሸፍንም። ሦስት ጎረቤቶችን አንድ ሰው አድርጋችሁ ከሆነ፣ ወይም በሦስት ወር ውስጥ የተባለውን ወደ አንድ ምሽት ሰብስባችሁ ከሆነ፣ እሱ ለብቻው ይነገር። ከባድ በሆነው ቦታ ላይ ደግሞ እዚያው ታሪኩ ውስጥ «እንዲህ ያለኝ ይመስለኛል» ማለት ከመግቢያው ገጽ ይሻላል። በየመስመሩ ግን አይሁን፤ አንባቢ ይሰለቻል፣ እናንተም የምትፈሩ ትመስላላችሁ።

«ረቂቁን ለቤተሰቤ አስነብባቸዋለሁ፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኛል።»

መጨረሻ ላይ አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ግን ተዉት። ያነበቡት ነገር ከራሳቸው ትዝታ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ «አዎ፣ ልክ እንደዚህ ነበር» ይሏችኋል፣ እናንተም ማረጋገጫ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። የራሳችሁን ድምፅ ነው መልሳችሁ የሰማችሁት። ስለዚህ ሳትጽፉ በፊት ለየብቻቸው ጠይቁ፣ ጥያቄውም ክፍት ይሁን። «አባዬ ያን ቀን ካሰብክበት ጥሩ ብሎኝ ነበር አይደል?» ሳይሆን «ትምህርት ያቆምኩ ጊዜ ቤት ውስጥ ምን ሆነ?» በሉ። ሲመልሱ አነጋገራቸውን እንዳለ ጻፉት፤ አባትየው የሚያዘወትራቸው ቃላት ከእህትየው አፍ ይወጡ ይሆናል፣ ለሌላ ትዕይንት ይጠቅማሉ።

የዚያን ጊዜ ደብዳቤ ወይም ማስታወሻ ደብተር ካለማ ከሁሉም ይቅደም። እሱም ቢሆን ያው ማታ ከትዝታ የተጻፈ ነው፤ ቢያንስ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ዕውቀት አልነካውም።

እህት «አባዬማ ተቆጥቶ ነበር፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ» ብትልስ? አታሸናፉ። የእናንተን ትዕይንት እንዳለ ጻፉት፣ ከሥሩ እህቴ ግን መጮኹን ነው የምታስታውሰው የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።