የድምፅ ደቂቃ ምንድን ነው? የትራንስክሪፕሽን ክፍያ እንዴት ይሰላል?

በቃለ መጠይቅ፣ በስብሰባ ወይም በቪዲዮ የተቀዳን ንግግር እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ትራንስክሪፕሽን ይባላል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በድምፅ ደቂቃ ነው። የድምፅ ደቂቃ ማለት የቅጂው ርዝመት እንጂ ገልባጩ ተቀምጦ የሚሠራበት ጊዜ አይደለም። ጀማሪን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ «ለአንድ ደቂቃ 60 ሳንቲም» ሲባል በሰዓት 36 ዶላር የሚያገኝ ይመስለዋል።

እስቲ እናስላው። ሁለት ሰዎች ብቻ የሚናገሩበት፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ የ30 ደቂቃ የእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ አለ እንበል። በ60 የአሜሪካ ሳንቲም ሲታሰብ 18 ዶላር ያስገኛል። ጀማሪ አንዱን የድምፅ ደቂቃ ለመገልበጥ 5 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና እየሰማ ሲያርም ደግሞ 45 ደቂቃ ይሄዳል። በድምሩ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሠርቶ በሰዓት የሚደርሰው 5 ዶላር ተኩል ገደማ ነው። ያው ቃለ መጠይቅ ጫጫታ ባለበት ካፌ ውስጥ የተቀዳ ቢሆን ሥራው እርማቱን ጨምሮ 5 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ያኔ የሰዓቱ ገቢ 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው ጥርት ያለውን ቅጂ በ2 ሰዓት ጨርሶ በሰዓት 9 ዶላር ያገኛል። ለጀማሪ በደቂቃ 30 ሳንቲም የሚከፍሉም አሉ፤ በእነሱ ዋጋ የሰዓቱ ገቢ ሁሉ በግማሽ ይወርዳል።

ጥራት የሚለካው በቃል ነው። 99 በመቶ ትክክል ይሁን ሲባል ከ100 ቃላት ውስጥ ከ1 በላይ አይሳሳት ማለት ነው፤ የተሳሳተ፣ የተዘለለና ያለ ቦታው የገባ ቃል እኩል ይቆጠራል። በደቂቃ 140 ቃላት ቢነገር በ30 ደቂቃው ውስጥ 4200 ቃላት አሉ፤ የሚፈቀደው ስህተት 42 ብቻ ነው። ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም። በአማርኛ «ስልሳ» እና «ሰላሳ» በፈጣን ንግግር ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ ስለ ገቢ በተጠየቀ ሰው መልስ ላይ ሲለዋወጡ ጥናቱን ያበላሻሉ። ስለዚህ ቁጥርና ስም ባለበት ሁሉ መልሶ መስማት ግድ ነው። ገልባጩ ሦስት ጊዜ ሰምቶ ያልለየውን ቃል በግምት መሙላት የለበትም፤ የቅጂውን ሰዓት ጠቅሶ [አይሰማም 00:12:34] ብሎ ያልፈዋል። አሠሪው ራሱ ሊሰማው ይችላል፤ በግምት የገባውን ቃል ግን ስህተት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከመጀመር በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ንግግሩ እንዳለ ይጻፍ ወይስ ይጣራ? እንዳለ ሲባል «እ…»፣ ድግግሞሹ፣ ተጀምሮ የቀረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይገባል፤ ጊዜውም ይረዝማል። በተጣራው «እ…» እና መንተባተቡ ይወጣል። «እንትን» ግን በጅምላ አይጣልም። «እንትኑን ወሰደብኝ» ያለ ሰው ስሙን መጥራት ያልፈለገው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ለተመራማሪ ይህ ራሱ መረጃ ነው። «ሦስት ሰዓት ላይ» የተባለውም እንደተባለ ይጻፋል እንጂ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አይለወጥም።

ፍጥነት ከጣት ይልቅ በማቆምና በመመለስ ላይ ይባክናል። መዳፊት ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው በየዓረፍተ ነገሩ ጊዜ ያጣል። oTranscribe በተባለው ነፃ የመገልበጫ ድረ ገጽ ላይ Esc ድምፁን ያቆማል፣ ያስነሳል፤ F1 ወደ ኋላ ይመልሳል፤ እጅ ከቁልፉ ሳይነሳ ይሠራል። በአማርኛ ግን አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መንካት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተለካ ፍጥነት ይዞ ለአማርኛ ቅጂ ቀን መቁረጥ ያስቸግራል። ከላይ ያለው የ3 ሰዓቱ ሥራ በ24 ሰዓት ይድረስ ቢባል ይቻላል። የ2 ሰዓት ቅጂ ግን በዚያው ፍጥነት 13 ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት አንዴ ከጠፋ በ24 ሰዓት ላይደርስ ይችላል። በዘገየ ሥራ ላይ ክፍያ የሚቀንሱ ስላሉ ይህን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

የሚሻለው ሥራውን ከመቀበል በፊት 3 ደቂቃ ገልብጦ ማየት ነው፤ ከመግቢያው ሳይሆን ከመሐሉ። መግቢያው ላይ ሰው ተረጋግቶ ስሙን ይናገራል፤ መሐሉ ላይ ይፈጥናል፣ አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋርጣል። ያቺ 3 ደቂቃ ከነእርማቷ 24 ደቂቃ ከፈጀች የ30 ደቂቃው ቅጂ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ የተባለው 18 ዶላርም ለ4 ይካፈላል። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚላክም በዚሁ ጊዜ ይጠየቃል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉም የመክፈያ መንገድ አይሠራምና።