የቁጥር ጥምረት ከመደመር በፊት፦ ምክንያቱና የክፍል ውስጥ አቀራረቡ

የቁጥር ጥምረት የሚባለው አንድ ቁጥር ከየትኞቹ ሁለት ክፍሎች እንደሚገኝ የሚያሳይ ዝምድና ነው። 6 ከ4 እና ከ2 ይገኛል፤ ከ5 እና ከ1ም ይገኛል፤ ከ3 እና ከ3ም እንዲሁ። በትምህርት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በመስመር በተያያዙ ሦስት ክቦች ይሳላል፤ በአንደኛው ክብ ውስጥ ሙሉው፣ በሁለቱ ውስጥ ደግሞ ክፍሎቹ ይጻፋሉ። በሥዕሉ ላይ የመደመርም ሆነ የእኩል ምልክት የለም። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ምክንያቱም ጥምረቱ የሚናገረው ስለሚሠራ ስሌት ሳይሆን በሦስት ቁጥሮች መካከል ስላለ ቋሚ ዝምድና ነው።

ይህ ዝምድና ከመደበኛው መደመር መቅደም ያለበት ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ መቁጠር ብቻ የሚችል ልጅ 4 + 2 ሲቀርብለት ምን እንደሚያደርግ መመልከት ይበቃል። ልጁ አራት ዕቃ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሁለት ዕቃ እንደገና ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ከዚያም ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስቦ ለሦስተኛ ጊዜ ከአንድ እስከ ስድስት ይቆጥራል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን 6 ለእርሱ ቆጠራው ያበቃበት ቃል እንጂ 4 እና 2ን በውስጡ የያዘ ቁጥር አይደለም። ስድስት ላይ ሲደርስ አራቱም ሁለቱም ከሐሳቡ ጠፍተዋል። በዚህ ምክንያት ወዲያውኑ «ከስድስቱ አራቱን ብናነሣ ስንት ይቀራል?» ተብሎ ቢጠየቅ እንደ አዲስ ጥያቄ ተቀብሎ እንደገና መቁጠር ይጀምራል።

የችግሩን ምንጭ በግልጽ ያሳየው የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ነው። ፒያዤ ለትንንሽ ልጆች ከእንጨት የተሠሩ ዶቃዎችን ያቀርብ ነበር፤ አብዛኞቹ ቡናማ፣ ጥቂቶቹ ነጭ ናቸው። «ቡናማዎቹ ይበዛሉ ወይስ የእንጨት ዶቃዎቹ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁሉም ዶቃዎች ከእንጨት የተሠሩ መሆናቸውን ያመኑ ልጆች እንኳ «ቡናማዎቹ ይበዛሉ» ብለው ይመልሱ ነበር። ልጁ ክፍሉን በሐሳቡ ለይቶ ሲያወጣ ሙሉው ስለሚበተንበት፣ ቡናማዎቹን ማወዳደር የሚችለው ከቀሩት ነጮች ጋር ብቻ ነው። ፒያዤ ችሎታው የሚገኝበትን ዕድሜ በሰባት ዓመት አካባቢ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥያቄው በሌላ አነጋገር ሲቀርብ ከዚያ ያነሱ ልጆችም እንደሚመልሱት አሳይተዋል። በዕድሜው ላይ ያለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ክፍሉንና ሙሉውን በአንድ ጊዜ በሐሳብ መያዝ ራሱን የቻለ ችሎታ መሆኑ አያጠያይቅም። የመደመር ምልክት ይህን ችሎታ አያስተምርም፤ ችሎታው እንዳለ ቆጥሮ ይነሣል።

አንድን ቁጥር በክፍሎቹ የማወቅ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 ጀርመናዊው መምህር አውጉስት ቪልሄልም ግሩበ የመጀመሪያውን የትምህርት ዓመት በሙሉ ከ1 እስከ 10 ላሉት ቁጥሮች እንዲውል አድርጎ፣ እያንዳንዱ ቁጥር በሁሉም ስሌቶች እንዲመረመር ያቀረበ ሲሆን፣ አካሄዱ በዝግታው ተተችቷል። ዛሬ የምናውቀው መልክ ግን በዋናነት የተስፋፋው ከሲንጋፖር ነው። በአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር ሥር እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው የሥርዓተ ትምህርት ማበልጸጊያ ተቋም በዚያው አሥርት ዓመት መጀመሪያ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍትን አዘጋጀ። መጻሕፍቱ የተመሠረቱት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባቀረበው ሐሳብ ላይ ሲሆን፣ ልጁ መጀመሪያ በእጁ በሚይዘው ዕቃ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት እንዲማር ይደረጋል። በአንደኛ ክፍሉ መጽሐፍ ከ0 እስከ 10 ያሉት ቁጥሮች ይቀድማሉ፤ ወዲያው የቁጥር ጥምረት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሆኖ ይከተላል፤ መደመርና መቀነስ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1995 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ምዘና በአራተኛም በስምንተኛም ክፍል ቀዳሚ ከሆነች በኋላ የብዙ አገሮች ትኩረት ወደ እነዚህ መጻሕፍት ዞረ፤ ለውጤቱ የመምህራን ሥልጠናና ሌሎች ነገሮችም ድርሻ ስላላቸው ሁሉንም ለአንድ ምዕራፍ መስጠት ግን አይገባም።

በክፍል ውስጥ ጥምረትን ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሁሉም የሚመቸው ቆርኪ ነው፤ ሲጣል ወይ ይደፋል ወይ ይንጋለላል፤ ስለዚህ በራሱ ለሁለት ይከፈላል። ለምሳሌ የቀኑ ቁጥር 6 ይሁን። እያንዳንዱ ጥንድ ተማሪ ስድስት ቆርኪ ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ ቆጥረው ስድስት መሆኑን ይስማማሉ፤ ከዚያ በኋላ በእጃቸው አንቀጭቅጨው ጠረጴዛው ላይ ይጥሉታል። አራት ተደፍተው ሁለት ቢንጋለሉ ተማሪው «አራት የተደፋ፣ ሁለት የተንጋለለ፣ ሁሉም ስድስት» ብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። «ሁሉም ስድስት» የሚለው ፈጽሞ መቅረት የለበትም፤ ዶቃዎቹ ላይ የሚጠፋው ሙሉው ስለሆነ፣ ክፍሎቹ በተነገሩ ቁጥር ሙሉውም አብሮ መነገር አለበት።

መምህሩ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ የሚያዳምጠውም ይህንኑ ነው። «አሁን ሁሉም ስንት ነው?» ሲባል ከአንድ ጀምሮ የሚቆጥር ተማሪ፣ ቆርኪዎቹ ቢገለባበጡም ስድስት እንደሆኑ ገና አላመነም። ለዚህ ተማሪ መፍትሔው የቁጥሩን መጠን ማሳነስ ነው፤ በሦስት ወይም በአራት ቆርኪ ቢሠራ ሙሉውን ሳይቆጥር በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ሰው በአንድ እይታ ሳይቆጥር የሚለየው እስከ ሦስት ወይም አራት ድረስ ብቻ በመሆኑ ነው 5 ጥምረት በእርግጥ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ቁጥር የሚሆነው።

ተማሪዎቹ ደጋግመው ከጣሉ በኋላ ያገኟቸው ጥምረቶች በሰሌዳው ላይ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ እንደመጡ በዘፈቀደ ይጻፉ፤ ከዚያም መምህሩ «የቀረ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ስድስቱም የሚደፉበት ወይም ስድስቱም የሚንጋለሉበት አጋጣሚ እምብዛም ስለማይመጣ፣ 0 እና 6 ሊጎድሉ ይችላሉ፤ መምህሩ ሆን ብሎ ካላነሣቸው ተረስተው ይቀራሉ። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ከ0 እና 6 እስከ 6 እና 0 ሰባት ይሆናሉ፤ አንዱ ክፍል በአንድ ሲጨምር ሌላው በአንድ እንደሚቀንስ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያያሉ። 4 እና 2 ከ2 እና 4 ጋር አንድ ጥምረት ነው ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ በዚህ ጊዜ መነሣቱ አይቀርም። ሁለቱንም ጽፎ፣ ክፍሎቹ ቦታ ቢለዋወጡም ሙሉው እንዳልተለወጠ ማሳየት የተሻለ ነው።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሚሠራው የመደበቅ ሥራ ነው። መምህሩ ስድስቱን ካሳየ በኋላ ጥቂቶቹን በመዳፉ ይሸፍናል፤ አራት ይታያሉ። «ስንት ተደበቀ?» በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ውስጥ «ሁለት» የሚል ተማሪ ጥምረቱን ይዞታል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወይም ጣቱን እያነሣ «አምስት፣ ስድስት» የሚል ተማሪ ትክክል ቢሆንም ገና በመቁጠር ላይ ነው። «አራት» ወይም «ስድስት» የሚለው ደግሞ የሚያየውን ወይም የሰማውን ቁጥር እየደገመ ስለሆነ ወደ ቆርኪ መጣሉ መመለስ አለበት። ሦስቱ መልሶች በደብተር ላይ በተጻፈ ውጤት ስለማይለዩ፣ ይህን ክፍል በጽሑፍ ጥያቄ መተካት አይቻልም።

ወደ ሦስቱ ክቦች ሲገባ መጀመሪያ በክቦቹ ውስጥ ቆርኪዎቹ ራሳቸው ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ ነጠብጣቦች ይሳላሉ፤ ቁጥሮች የሚጻፉት በመጨረሻ ነው። እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስሕተት ሙሉውን ሁልጊዜ ከላይ መሳል ነው። ተማሪው ዝምድናውን ትቶ ቦታውን ይማራል። ለመፈተን ሙሉው 6 ከታች፣ ከላይ በአንዱ ክብ 4፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ይቅረብለት፤ 10 ብሎ ከሞላ ያየውን ቁጥር ሁሉ እየደመረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ጎንም፣ ወደ ታችም እየዞረ መቅረብ አለበት። ተመሳሳይ ችግር በተደረደሩ ሰንጠረዦች ላይም ይታያል፤ ተማሪው በአንዱ ዓምድ ቁልቁል 0፣ 1፣ 2፣ በሌላው 6፣ 5፣ 4 እያለ ስለ ጥምረት ሳያስብ ገጹን በትክክል ይሞላል። ያልተደረደረ አንድ ጥያቄ በቃል መጠየቅ ይህን ወዲያው ይገልጠዋል።

ምልክቶቹ የሚመጡት ተማሪው በሚያውቀው ሥዕል አጠገብ ነው። ከ6፣ 4 እና 2 ሥዕል 4 + 2 = 6፣ 2 + 4 = 6፣ 6 − 4 = 2 እና 6 − 2 = 4 ይነበባሉ። 6 = 4 + 2 የሚለውም ከመጀመሪያው አብሮ መጻፍ አለበት። የእኩል ምልክትን «መልሱን እዚህ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርገው የተማሩ ልጆች 8 + 4 = □ + 5 ሲቀርብላቸው በሳጥኑ ውስጥ 12 ወይም 17 እንደሚጽፉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ድምሩ አሥርን ሲያልፍ ነው። 8 + 5ን በአሥር በኩል ለመሥራት ተማሪው ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፤ 8ን ወደ 10 የሚሞላው 2 መሆኑን፣ 5 ከ2 እና ከ3 እንደሚገኝ፣ 10 እና 3 ደግሞ 13 መሆኑን። በጃፓን ትምህርት ቤቶች ይህ ከ5 ሥር እንደ ቼሪ ፍሬ የተንጠለጠሉ ሁለት ክቦች ተስለው ይሠራል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስልቱ መሐል ላይ ይቆማል፤ ተማሪውም ወደ ጣቱ ይመለሳል። በሁለተኛ ክፍል በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ሲያጋጥም ብዙዎች የመደመር ልምምድ ይጨምሩለታል፤ የጎደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የ5 ወይም የ10 ጥምረት ነው፤ ይህም በመደበቅ ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል።

በዚህ ቅደም ተከተል የማይስማሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በቶማስ ካርፔንተርና በባልደረቦቹ የተጀመረው የምርምር መስመር፣ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው የመደመርና የመቀነስ የቃል ጥያቄዎችን በዕቃ እየቆጠሩ እንደሚፈቱ በማሳየት፣ ትምህርቱ ከዚህ ችሎታ መነሣት እንዳለበት ያስረዳል። ግኝቱ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ከጥምረት ጋር የግድ አይጋጭም። የቃል ጥያቄዎችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቆርኪ ማሠራት ይቻላል፤ የሚዘገየው የመደመር ምልክቱና የተጻፈው ስሌት ብቻ ነው።

ጥምረት በቃል እስኪታወቅ የሚሠራው እስከ 10 ላሉት ቁጥሮች ነው። ከ5 እስከ 9 ላሉት ለእያንዳንዱ ጥቂት ቀናት ሲበቁ፣ 10 ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ከ10 በላይ የሁሉንም ጥምረት ማስጠናት ትርፍ ሸክም ነው፤ ሦስቱ ክቦች ከዚያ በኋላ 24ን ወደ 20 እና 4 ለመክፈል፣ እንዲሁም 8 + 5ን የመሰሉትን በአሥር በኩል ለማሳለፍ ያገለግላሉ።