ቢል ኦፍ ሌዲንግ ምንድን ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ በባሕር ለሚልክ ሰው

የመጀመሪያ ኮንቴይነሩን ጭኖ ወደ ወደብ የላከ ነጋዴ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ገጽ በኢሜይል ይደርሰዋል። ገጹ በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለና በእንግሊዝኛ የተሞላ ነው፤ አናቱ ላይ «ድራፍት» ይላል። የመርከብ ድርጅቱም እስከዚህ ሰዓት ድረስ አርመህ ወይም አጽድቀህ መልስ ይለዋል። ብዙ ጀማሪ ስሙ ሳይሳሳት መጻፉን ብቻ አይቶ «ትክክል ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ገጽ ግን ታትሞ ሲፈረም ዕቃውን ማን እንደሚረከብና ባንኩ መክፈል አለመክፈሉን የሚወስን ሰነድ ይሆናል።

ቢል ኦፍ ሌዲንግ በባሕር የሚጓዝ ጭነትን የተቀበለ አጓጓዥ ለላኪው የሚሰጠው ሰነድ ነው። ሦስት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ዕቃው መረከቡን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው፤ የማጓጓዝ ውሉም ማስረጃ ነው፤ በጀርባው በደቃቅ ፊደል የታተመው የውሉ አንቀጽ ነው። ሦስተኛው ሥራ ግን ከሌላ ደረሰኝ ሁሉ ይለየዋል። በሚገባው መንገድ ከተሞላ፣ ዋናው ቅጂ በእጁ ያለ ሰው መድረሻ ወደብ ላይ ቀርቦ ዕቃውን መጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ባሕር ላይ ያለው ጭነትም አብሮ ይተላለፋል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሳጥን ስታነቡ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ፦ ይህ ቃል ዕቃዬን ለማን ይሰጥብኛል? ባንኩስ ይህን አይቶ ይከፍለኛል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሻጩ 380 ጆንያ ሰሊጥ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ ሃምቡርግ ላለ ገዢ ሸጧል። ክፍያው በሌተር ኦፍ ክሬዲት ነው፤ ይህም የተጠየቁት ሰነዶች በትክክል ሲቀርቡለት እንደሚከፍል የገዢው ባንክ በጽሑፍ የሚገባው ቃል ነው፤ ዕቃው መርከብ ላይ መጫን ያለበት ቢዘገይ እስከ ጁን 30 ቀን 2025 ነው። የደረሰው ድራፍት ባጭሩ ይህን ይመስላል፦

```
SHIPPER:           [SELLER]
CONSIGNEE:         TO ORDER
NOTIFY PARTY:      [BUYER], HAMBURG
PORT OF DISCHARGE: HAMBURG
CONTAINER / SEAL:  CSQU3054383 / 004417
DESCRIPTION:       1X20' CONTAINER S.T.C.
                   380 BAGS SESAME SEEDS
                   SHIPPER'S LOAD, STOW AND COUNT
GROSS WEIGHT:      19,038 KGS
FREIGHT:           PREPAID
ORIGINALS:         THREE (3)
SHIPPED ON BOARD:  ____________
```

የመጀመሪያው ሳጥን፣ ሺፐር፣ ላኪው ነው። ስሙና አድራሻው በንግድ ደረሰኙና በሌሎቹ ሰነዶች ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ቀላል ሳጥን ይመስላል፤ ነገር ግን እዚህ የተጻፈው ሰው ከአጓጓዡ ጋር ውል የገባ ወገን ነው። ገዢው ዕቃውን ሳይወስድ ወደቡ ላይ ቢተወው፣ አጓጓዡ የኮንቴይነሩን የመዘግየት ክፍያ ሊጠይቅ ወደ እሱ ይመለሳል።

ከሁሉም ሳጥኖች ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው ሁለተኛው ነው። ኮንሳይኒ፣ ማለትም ዕቃውን የሚረከበው ወገን፣ በሦስት ዓይነት ሊሞላ ይችላል። ድራፍታችን ላይ ያለው «ቱ ኦርደር» የሚለው ነው፤ ትርጉሙ «ለትእዛዝ» ነው። ለማን ትእዛዝ? ሌላ ስም ካልተጨመረ፣ ለላኪው ትእዛዝ ማለት ነው። መብቱ አሁንም በሻጩ እጅ ነው፤ ወደ ሌላ የሚተላለፈው ሻጩ በሰነዱ ጀርባ ላይ ሲፈርምና ማኅተሙን ሲያደርግ ነው። ለማን እንዳስተላለፈ ሳይጽፍ ፊርማውን ብቻ ካኖረ፣ ሰነዱ እንደ ጥሬ ገንዘብ ይሆናል፤ ያገኘው ሁሉ ባለመብት ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ስለዚህ ጀርባውን መፈረም ያለባችሁ ባንክ መስኮት ላይ ስትደርሱ እንጂ ሰነዱ ገና ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሳለ አይደለም። ጭራሽ ሳይፈረም ለባንክ ከቀረበ ደግሞ ጉድለት ተብሎ ይመለሳል፤ ይህ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት «ለእገሌ ባንክ ትእዛዝ» የሚል ነው። ሌተር ኦፍ ክሬዲቱን የከፈተው ባንክ ስሙ እዚያ ይገባል፤ ገዢው ዕቃውን የሚያገኘው ባንኩ ሲፈርምለት ነው። ሦስተኛው የገዢው ስም በቀጥታ፣ «ለትእዛዝ» የሚል ቃል ሳይኖር፣ የሚጻፍበት ነው። እንዲህ ያለው ሰነድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ገዢው ዋናውን ቅጂ ሳያቀርብ ዕቃውን መውሰድ መቻል አለመቻሉም እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ አጓጓዡ ለተጠቀሰው ሰው ያለ ወረቀቱ ማስረከብ ይችላል። ገንዘቡ አስቀድሞ ከተከፈላችሁ ይህ አያሳስብም። ካልተከፈላችሁ ግን የገዢውን ስም በቀጥታ በዚህ ሳጥን እንዲገባ መስማማት ቁልፉን አስቀድሞ ማስረከብ ሊሆን ይችላል።

ኖቲፋይ ፓርቲ የሚለው ከኮንሳይኒ ጋር በጣም ይምታታል። እዚህ የሚጻፈው ሰው ዕቃው ሲደርስ የሚነገረው ነው፤ በዚህ ሳጥን ብቻ የሚያገኘው መብት የለም። ስልኩና ኢሜይሉ ግን በትክክል ይጻፍ፤ አንድ አኃዝ ሲሳሳት ማስታወቂያው ይጠፋል፣ ኮንቴይነሩም ወደብ ላይ ቀን ይቆጥራል።

የመርከቡን ስም፣ የጉዞ ቁጥሩንና ወደቦቹን ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ጋር አስተያይታችሁ እለፉ። የኮንቴይነሩ ቁጥር ግን ትንሽ ቆም ማለት ይገባዋል። አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ ከቀሪዎቹ በስሌት የሚወጣ መፈተሻ ነው። ስለዚህ የአንድ አኃዝ የጽሕፈት ስሕተት ብዙ ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ ይይዘዋል። የፕሎምፕ፣ ማለትም የኮንቴይነሩ በር ማሸጊያ፣ ቁጥር ግን እንዲህ ያለ መፈተሻ የለውም። ኮንቴይነሩ ሲታሸግ ባነሣችሁት ፎቶግራፍ አመሳክሩት።

ለምን ይህን ያህል? መልሱ የዕቃው መግለጫ ሥር በትንንሽ ፊደል ይገኛል። «ኤስ.ቲ.ሲ.» ማለት «ይዟል ተብሏል» ነው፤ ተከታዩ ሐረግ ደግሞ የጫነው፣ የደረደረውና የቆጠረው ላኪው ነው ይላል። አጓጓዡ የተረከበው የታሸገ ሣጥን ነው፤ ውስጡን አላየም። ሃምቡርግ ላይ ፕሎምፑ ሳይነካ ተከፍቶ 372 ጆንያ ቢገኝ፣ የጎደለው ስምንት የሻጩ ጣጣ ነው። ባንክ ይህን ሐረግ አይቶ ሰነዱን አይመልስም፤ በኮንቴይነር ጭነት የተለመደ ነው። የሚያስመልሰው አጓጓዡ በዕቃው ወይም በማሸጊያው ላይ ያየውን ጉድለት ሲጽፍበት ነው፤ «ጆንያዎቹ ተቀድደዋል» እንደሚል ዓይነት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሌለበት ሰነድ «ንጹሕ» ይባላል፤ ንጹሕ የሚለው ቃል ራሱ እንዲታተም ግን ግዴታ የለም።

የክብደቱ ሳጥን ላይ 19,038 ኪሎ ተጽፏል፤ 19,000 ሰሊጡ፣ 38 ባዶዎቹ ጆንያዎች መሆናቸው ነው። ወደቡ ከጁላይ 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ የሚጠይቀው የተረጋገጠ ክብደት ግን ሌላ ነው፤ የኮንቴይነሩን ባዶ ክብደት ይጨምራል። ባዶው 2,200 ኪሎ ቢሆን 21,238 ይደርሳል፤ ዕቃው እንዳይንቀሳቀስ የተደረገበት እንጨትና ገመድ ካለም ይደመራል። ሁለቱ ቁጥሮች ስላልተመሳሰሉ ደንግጦ አንዱን በሌላው የሚያርም ሰው አለ፤ ከዚያ በኋላ የቢል ኦፍ ሌዲንጉ ክብደት ከማሸጊያ ዝርዝሩ ጋር አይገጥምም።

«ፍሬት ፕሪፔይድ» የማጓጓዣው ክፍያ በላኪው በኩል ይከፈላል ማለት ነው፤ «ኮሌክት» ደግሞ መድረሻ ላይ ይከፈላል ማለት ነው። ሽያጩ የተዋዋለበት ቃል የትኛው እንደሚገባ ይነግራችኋል።

የዋና ቅጂዎች ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው። ሦስቱም እኩል ዋና ናቸው፤ በአንዱ ዕቃው ከወጣ ሁለቱ ዋጋ ያጣሉ። አንዳንድ ገዢ «ሰነዱ በባንክ ሲሄድ ይዘገያል፣ አንዱን ዋና ቅጂ በቀጥታ ላክልኝ» ይላል። ጥያቄው በየዋህነት ሊቀርብ ይችላል፤ ውጤቱ ግን ገዢው ባንኩን ሳያይ ዕቃውን ማውጣት የሚችል መሆኑ ነው። ባንኩ እጅ የሚቀሩት ሁለቱ ወረቀቶች ያን ጊዜ ምንም አይይዙም።

አሁን ባዶ ወደ ተተወው የመጨረሻ መስመር፣ ዕቃው መርከብ ላይ የተጫነበት ቀን ወደሚጻፍበት፣ እንመለስ። በምሳሌያችን ኮንቴይነሩ ወደብ የገባው ጁን 27 ነው፤ ሻጩም ደርሻለሁ ብሎ ተረጋጋ። መርከቡ ግን ዘገየና የተጫነው ጁላይ 2 ነው። ባዶው መስመር ላይ የታተመውም ይኸው ቀን ነው። ባንኩ የሚያየው ዕቃው ወደብ የገባበትን ሳይሆን መርከብ ላይ የወጣበትን ቀን ስለሆነ፣ ሰነዱ በሁለት ቀን ዘግይቷል። እንዲህ ሲሆን አንዳንዱ «ቀኑን ወደ ጁን 30 መልሱልኝ» ብሎ ወኪሉን ይለማመጣል። ይህ ማጭበርበር ነው፤ የመርከቦች እንቅስቃሴ ማንም ሰው ከኢንተርኔት ሊያየው ስለሚችልም በቀላሉ ይጋለጣል። ትክክለኛው መንገድ መርከቡ መዘግየቱ እንደታወቀ ገዢው ሌተር ኦፍ ክሬዲቱን እንዲያሻሽል መጠየቅ ነው። ሰነዱ ባንክ ከገባ በኋላ ከሆነ፣ ጉድለቱን ለመቀበል ወይም ላለመቀበል ምርጫው የገዢው ነው፤ ዋጋ ቀንስልኝ የሚለውም ያን ጊዜ ነው።

ከዚያው ቀን ሌላ ሰዓት ይቆጥራል። ዩሲፒ 600 በሚባለው የባንኮች የጋራ ደንብ መሠረት፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ሌላ ካላለ፣ ሰነዶቹ ከመጫኛው ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለባቸው፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ከሚያበቃበት ቀንም ማለፍ የለባቸውም። ከጁላይ 2 ተነሥቶ ሲቆጠር ጁላይ 23 ይሆናል። ቀን ስትጽፉም ስታነቡም ወሩ በፊደል ይሁን፤ 05/07 ለአንዱ ሜይ ሰባት፣ ለሌላው ጁላይ አምስት ነው።

በመጨረሻ ፊርማውን እዩ። የፈረመው አጓጓዡ ራሱ ወይም የመርከቡ አዛዥ ነው? ወኪል ከሆነስ የማን ወኪል ሆኖ እንደፈረመ ጽፏል? ጭነት አስተላላፊ ድርጅት በራሱ ስም የሚያወጣው ቢል ኦፍ ሌዲንግም አለ፤ የመርከብ ድርጅቱ ከሚያወጣው የተለየ ነው። ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ የትኛውን እንደሚቀበል ማረጋገጥ ያለባችሁ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው። ድራፍት ላይ ያለ ስሕተት በአንድ ኢሜይል ይታረማል፤ ዋናው ከታተመ በኋላ ግን አጓጓዡ ሦስቱንም ቅጂዎች መልሱ ይላል፤ ከእነሱ አንዱ አስቀድሞ ወደ ገዢው ተልኮ ከሆነ እሱ እስኪመለስ ድረስ ማረሙ ይከብዳል።