«እንቁላልህን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ አትክተት»፦ ከየት መጣ፣ ሒሳቡስ ምን ይላል?

ይቺን አባባል ስለ ገንዘብ የሚያወራ ሰው ሁሉ ይጠቅሳታል፣ ግን ብዙ ጊዜ የምትፈታው በግማሽ ነው። «ቅርጫቱ ከወደቀ ሁሉም ይሰበራል፣ ስለዚ ከፋፍለህ ያዝ» ይባልና እዛው ላይ ይቆማል። ከዛ ሰሚው «እሺ ሪስኩ ይቀንሳል፣ ትርፉም አብሮ ይቀንሳል ማለት ነዋ» ብሎ ይደመድማል። ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ድምዳሜ ነው፣ ምክንያቱም ስህተት ነው፣ የአባባሏም ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዛው ጋ ነው።

መጀመሪያ አመጣጧን እንይ። እንቁላሉና ቅርጫቱ ወደ አማርኛ የገቡት በትርጉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን በታተመ የጣልያንኛ ምሳሌዎች ስብስብ ላይ አባባሏ ስትፈታ «ሁሉን ነገር በአንድ መርከብ ለአደጋ ማጋለጥ» ተብላለች። ማለትም ያኔም ቢሆን ስለ እንቁላል ሳይሆን ባህር አሻግሮ እቃ ስለሚልክ ነጋዴ ነበር የምታወራው። በኛ ቋንቋ ቅርብ የምትመስለኝ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ናት፣ እሷ ግን ተጠንቀቅ ትላለች እንጂ ከፋፍል አትልም። አንዳንዱ ደሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብሎ ይከራከራል። እሱ ስለ ሰውዬው ጉልበትና ሐሳብ ነው፣ ሰው እኮ አንዴ ሁለት ቦታ መሆን አይችልም፣ ገንዘብ ግን ይቆረሳል፣ ግማሹ እዚ ግማሹ እዛ ሲሆን ምንም አይጎድልበትም።

አሁን ወደ መርከቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው። ዳንኤል በርኑሊ የሚባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1738 በታተመ ጽሑፉ ሴምፕሮኒዩስ የሚባል ሰው ምሳሌ አድርጎ ያመጣል። ሰውዬው ቤቱ 4,000 ዱካት አለው፣ ዱካት የድሮ የወርቅ ገንዘብ ነው፣ ባህር ማዶ ደሞ 8,000 ዱካት የሚያወጣ እቃ አለው፣ እቃው የሚመጣው በመርከብ ብቻ ነው፣ ከአስር መርከብ ደሞ አንዱ ይሰጥማል። ጥያቄው በአንድ መርከብ ይጫነው ወይስ ሁለት ላይ ይክፈለው ነው።

እስቲ መቶ ጊዜ ላከ እንበል። በአንድ መርከብ ከላከ 90 ጊዜ 8,000 ያገኛል፣ 10 ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ድምሩ 720,000 ነው፣ አቨሬጁ ለአንድ ጉዞ 7,200 ዱካት። ሁለት መርከብ ላይ እኩል ከከፈለው ደሞ 81 ጊዜ ሁለቱም ይደርሳሉ፣ 18 ጊዜ አንዱ ብቻ ይደርስና 4,000 ያገኛል፣ ባዶ እጁን የሚቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደምሩት፣ 648,000 ሲደመር 72,000 አሁንም 720,000 ነው። አቨሬጁ ያው 7,200! ከአቨሬጁ ላይ አንድ ዱካት አልተቀነሰም፣ ሁሉን የማጣት እድሉ ግን ከመቶ 10 ወደ ከመቶ 1 ወረደ። አራት መርከብ ላይ ከከፈለው ከአስር ሺ ጉዞ አንዴ ብቻ ነው ባዶ እጁን የሚቀረው።

በርኑሊ እዚ ላይ አልቆመም፣ አንድ ዱካት ድሃ ለሆነ ሰው ካለው ሰው ይበልጥ ትከብዳለች ብሎ ጉዞው ለሴምፕሮኒዩስ ስንት ያህል ዋጋ እንዳለው አሰላ። በአንድ መርከብ ሲሆን እንደ 6,751 ዱካት ይቆጠራል፣ በሁለት ሲሆን 7,033፣ ከዛ የመርከቡ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ወደ 7,200 እየተጠጋ ይሄዳል ግን አያልፈውም። መከፋፈል ሪስክ ያስቀረዋል እንጂ አዲስ ትርፍ አይፈጥርም ማለት ነው።

እዚ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ሁሉም እቃ በሰላም የመድረስ እድሉ እኮ ቀንሷል፣ በአንድ መርከብ 90 የነበረው በሁለት 81፣ በአራት ወደ 66 ገደማ ወርዷል። ስለዚ ከፋፍሎ ኢንቨስት ያደረገ ሰው ሁሌ ማለት ይቻላል የሆነች የከሰረች ነገር እጁ ላይ ያያል፣ «ያቺን ባልገዛት ኖሮ» እያለም ይቆጫል፣ ከዛ እሷን ሸጦ ባለፈው አመት ጥሩ ወደሄደችው አንዷ ሁሉን ያዞራል፣ በቃ ተመልሶ አንድ መርከብ ላይ ወጣ ማለት ነው። አንዷ መክሰሯ መከፋፈሉ እንዳልሰራ አያሳይም፣ እንደውም ከመጀመሪያው ሒሳቡ ውስጥ የነበረ ነገር ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሰራው ግን የአንዱ መርከብ መስጠም ከሌላው ጋ ካልተያያዘ ነው። ሁለቱም ተከታትለው አንድ ማዕበል ውስጥ ከገቡና አብረው የሚሰጥሙ ከሆነ ወደ 90 እና 10 እንመለሳለን፣ ሁለት መርከብ መባሉ ስም ብቻ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያው ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 የጻፈው ዋናው ነጥብም ይሄ ነው፣ ስልሳ የባቡር ኩባንያ ሼር የያዘ ሰው፣ ባቡሩንም ማዕድኑንም ፋብሪካውንም እንደቀላቀለ ሰው አልተከፋፈለም ብሏል። ቁጥሩ ሳይሆን አብረው የሚወድቁበት መጠን ነው የሚወስነው፣ ኮሪሌሽን የሚባለው።

በቁጥር ልሞክረው። እያንዳንዱ ሼር በአመት በአማካይ 10 ፐርሰንት ትርፍ ወይም ሪተርን ይጠበቅበታል፣ ውዥቀቱ፣ ማለትም ከአማካዩ ወደላይና ወደታች የሚርቅበት መጠን፣ 30 ፐርሰንት ነው፣ በሼሮቹ መሀል ያለው ኮሪሌሽን ደሞ 0.3 ነው እንበል፣ 0 ማለት ጭራሽ አይያያዙም፣ 1 ማለት ሁሌ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። አንድ ሼር ብቻ ብትይዝ ውዥቀትህ 30 ነው፣ በአራት እኩል ብትከፍለው ወደ 20.7 ይወርዳል፣ በሃያ ወደ 17.4፣ በመቶ ወደ 16.6፣ ከዛ ሺ ሼር ብትገዛ ከ16.4 በታች አይወርድም። በነዚህ ሁሉ ደረጃዎች የሚጠበቀው ሪተርን ያው 10 ነው። ያልወረደችው 16.4 ሁሉንም አንድ ላይ የሚመታው አደጋ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ በየአገሩ ሼር የነበራቸው ሰዎች ሁሉ አብረው ሲወርዱ ያየነው እሷን ነው።

የራስህን ለማወቅ አማካዩን ተወውና መጥፎ ወራቶቹን ብቻ አውጣና እያቸው። ሁለት ነገሮችህ ሁሌ በአንድ ወር የሚወርዱ ከሆነ ለሪስኩ ሲባል አንድ ናቸው። ስማቸው የተለያየ ሁለት ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ብዙ ሼር የሚገዛ ድርጅት፣ ከገዛህ ደሞ ውስጣቸው ያሉትን ትልልቅ ኩባንያዎች አስተያይ፣ ብዙ ጊዜ ያው ስሞች ናቸው።

«ትርፉም ይቀንሳል» የሚለው ሰው ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ። ግማሹን ገንዘብህን 3 ፐርሰንት የሚከፍል ቁጠባ ላይ ብታደርገው አጠቃላዩ ከ10 ወደ 6.5 ይወርዳል፣ የወረደው ግን ስለከፋፈልከው ሳይሆን የሚጠበቅበት ሪተርን አነስተኛ የሆነ ነገር ስለመረጥክ ነው። ሌላው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሴምፕሮኒዩስን እያንዳንዱ መርከብ 100 ዱካት ቢያስከፍለው በሁለት መርከብ 200 ይወጣበታል፣ ይሄ ይቻላል፣ አርባ መርከብ ላይ ከበተነው ግን ለኪራይ ብቻ 4,000 ዱካት ይወጣበትና ከአቨሬጁ 7,200 የሚቀረው 3,200 ብቻ ነው። ከላይ እንዳየነው ከአራት ወደ ሃያ ሼር ስትሄድ ውዥቀቱ በሶስት ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ ከሃያ ወደ መቶ ስትሄድ ግን አንድ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም፣ ስለዚ ለእያንዳንዱ ግዢ ክፍያ የምትከፍል ከሆነ ሰማንያዎቹን ከመጨመርህ በፊት ክፍያውን ደምረህ ከዛች ጋ አስተያያት።