የክፍያ አቅምና የትርፋማነት ምጣኔዎች፦ በአዳማ የግንባታ ዕቃ መደብር ምሳሌ

የክፍያ አቅም ምጣኔ፣ አንድ ድርጅት በአንድ ዓመት ውስጥ መክፈል ያለበትን ዕዳ በዚያው ዓመት ወደ ጥሬ ገንዘብ በሚለወጥ ሀብት መሸፈን መቻሉን ይለካል። የትርፋማነት ምጣኔ ደግሞ ከሽያጩ ወይም ባለቤቱ ካዋለው ገንዘብ አንጻር ምን ያህል እንደተረፈ ያሳያል። ሁለቱን ለየብቻ ማንበብ ያሳስታል፤ በመዝገብ የሚያተርፍ ድርጅት የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍልበት ሊያጣ ይችላል፣ ገንዘብ የማያጣ ሱቅም ዕቃውን ከሚተካበት ዋጋ በታች እየሸጠ ካፒታሉን እየበላ ሊሆን ይችላል።

አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው መንገድና ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ናት። እዚያ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ቧንቧ የሚሸጥ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ የተቋቋመ አንድ መደብር ለማስረጃ እንውሰድ። አኃዞቹ ለስሌቱ እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የአንድ የታወቀ ሱቅ ሒሳብ አይደሉም። ሰኔ 30 ቀን መዝገቡ ሲዘጋ በእጅና በባንክ 300,000 ብር፣ በደንበኞች ላይ ያለ ዱቤ 1,500,000 ብር፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ 2,400,000 ብር ተገኝቷል፤ የአጭር ጊዜ ሀብቱ በድምሩ 4,200,000 ብር ነው ማለት ነው። በዓመት ውስጥ የሚከፈለው ዕዳ ግን ለአቅራቢዎች 1,700,000፣ ለባንክ 700,000፣ ለግብርና ለተጨማሪ እሴት ታክስ 400,000፣ በጠቅላላው 2,800,000 ብር ነው።

የመጀመሪያው ስሌት የሒሳብ ባለሙያዎች ከረንት ሬሾ የሚሉት ሲሆን፣ የአጭር ጊዜ ሀብትን ለአጭር ጊዜ ዕዳ በማካፈል ይገኛል። 4,200,000 ለ2,800,000 ሲካፈል 1.5 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ብር ዕዳ አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ሀብት አለ እንደማለት ነው። ብዙ ሰው «ከ1 በላይ ከሆነ ደህና ነው» ብሎ እዚህ ላይ ያቆማል። ይሁን እንጂ ከሀብቱ ከግማሽ በላይ የሆነው ገና ያልተሸጠ ዕቃ ነው፤ አቅራቢውም ሆነ ባንኩ በፌሮ አይከፈላቸውም። ስለዚህ ዕቃውን አውጥቶ ጥሬ ገንዘቡንና ዱቤውን ብቻ ለዕዳው ማካፈል ያስፈልጋል። ኩዊክ ሬሾ የሚባለው ይህ ስሌት በምሳሌያችን 0.64 ይሰጣል። ድርጅቱ ዕዳውን ለመክፈል በየሳምንቱ ሽያጭ ላይ ጥገኛ ነው ማለት ነው። ዕቃው በፍጥነት የሚዞርለት ችርቻሮ ነጋዴ በዚህ መጠን ሊኖር ይችላል፤ ዕቃው ወራት የሚቀመጥበት ግን ይቸገራል።

እንግዲህ ዕቃው ምን ያህል ይቀመጣል? የዓመቱ ሽያጭ 12,000,000 ብር፣ የተሸጠው ዕቃ መግዣ ደግሞ 9,600,000 ብር ነበር እንበል። በመጋዘን ያለውን 2,400,000 ለ9,600,000 አካፍለን በ365 ስናባዛ ዕቃው በአማካይ 91 ቀን ያህል መጋዘን ውስጥ እንደሚቆይ እናገኛለን። በተመሳሳይ መንገድ፣ በግርድፉ ታክሱን ሳንለይ፣ ዱቤው ከሽያጭ አንጻር 46 ቀን፣ የአቅራቢዎች ዕዳ ደግሞ ከመግዣ አንጻር 65 ቀን ይሆናል። 91 እና 46 ተደምረው 65 ሲቀነስ 72 ቀን ይቀራል፤ ባለቤቱ ከኪሱ ወይም ከባንክ ብድር መሸፈን ያለበት ክፍተት ይህ ነው። ክፍተቱን የሚያሰፋው ሌላም ነገር አለ። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ደረሰኝ ከተቆረጠለት፣ ደንበኛው ባይከፍልም እንኳ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በጊዜው ይታወጃል፤ ስለዚህ የዱቤ ሽያጭ በጨመረ ቁጥር ሻጩ ገና ያልሰበሰበውን ገንዘብ አስቀድሞ ለመንግሥት ያስረክባል።

ወደ ትርፋማነቱ እንምጣ። ከሽያጩ መግዣው ሲቀነስ 2,400,000 ብር፣ ማለትም የሽያጩ 20 በመቶ ጥቅል ትርፍ ይቀራል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ትራንስፖርትና የባንክ ወለድ 1,600,000 ብር ወስደው ከግብር በፊት 800,000 ብር ይተርፋል፤ በ30 በመቶው የድርጅቶች የትርፍ ግብር ከተቀነሰ በኋላ የተጣራው 560,000 ብር፣ ከመቶ ብር ሽያጭ 4 ብር ከ67 ሳንቲም ያህል ነው። ባለቤቶቹ በድርጅቱ ያላቸው ካፒታል 2,500,000 ብር ከሆነ፣ በካፒታሉ ላይ የተገኘው ትርፍ 22 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሩ ያምራል። ባለቤቱ ሙሉ ቀን ሱቁ ውስጥ እየሠራ ለራሱ ደመወዝ ካልመዘገበ ግን ከዚህ ትርፍ ከፊሉ የጉልበቱ ዋጋ ነው። በወር 25,000 ብር የሚቀጠር ሰው ቢተካው ከግብር በፊት ያለው ትርፍ ወደ 500,000 ይወርዳል።

በእኔ ግምት ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት ቦታ ሁለቱ ምጣኔዎች የሚገናኙበት ነው። የዱቤው መዝገብ በዕድሜ ተለይቶ ሲታይ ከ1,500,000 ብሩ 600,000 ያህሉ ከስድስት ወር በላይ የቆየና የመሰብሰብ ተስፋው የመነመነ፣ ከመጋዘኑም 500,000 ብር የሚያወጣው ዕቃ የዛገ ቆርቆሮና የደረቀ ቀለም ሆኖ ተገኘ እንበል። እነዚህ ሲወጡ ከረንት ሬሾው ከ1.5 ወደ 1.11፣ ኩዊክ ሬሾው ከ0.64 ወደ 0.43 ይወርዳል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። የማይሰበሰበው ዱቤም ሆነ የተበላሸው ዕቃ ወጪ መሆን ስላለበት፣ 800,000 ብር የነበረው ከግብር በፊት ያለ ትርፍ 300,000 ብር ኪሳራ ይሆናል። ያው ያረጀ ዱቤና ዕቃ የክፍያ አቅሙንም ትርፉንም አብሮ አሳብጦ ነበር ማለት ነው። ስለሆነም ምጣኔ ከማስላት በፊት መጋዘን ገብቶ መቁጠርና ዱቤን በሠላሳ፣ በስድሳና በዘጠና ቀን ከፍሎ መጻፍ ይቀድማል፤ ያለዚህ የሚወጣው ቁጥር ልክ ቢመስልም የሚያሳየው ነገር የለም።

የዋጋ ንረትም ትርፍን በሌላ መንገድ ያሳብጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በዶላር አንጻር ሲዳከም፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን በቅርብ አይተውታል። በ1,000 ብር የተገዛ ዕቃ በ1,250 ሲሸጥ መዝገቡ 250 ብር ትርፍ ይላል፤ ያንኑ ዕቃ ለመተካት 1,200 ብር የሚያስፈልግ ከሆነ ግን በእጅ የሚቀረው 50 ብር ብቻ ነው። ትርፉን አውጥቶ ቤት የሠራበት ባለሱቅ በሚቀጥለው ዙር መደርደሪያውን መሙላት የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው።

ምጣኔው የሚሰላበት ቀንም ለውጥ ያመጣል። ሰኔ 30 ክረምቱ ገብቶ ግንባታ መቀዝቀዝ የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ የመጋዘኑ ዕቃና የዱቤው መጠን ከበጋው ይለያል፤ የዘንድሮን ሰኔ ከአምና ሰኔ፣ ጥርን ከጥር ጋር ማስተያየት ይሻላል። በተጨማሪም ምጣኔው ከ1 በላይ በሆነበት ድርጅት ሰኔ 29 ቀን በእጅና በባንክ ያለችውን 300,000 ብር ለአቅራቢ መክፈል ብቻ 1.5ን ወደ 1.56 ያሳድጋል። ድርጅቱ ግን አንድም ሳንቲም ሳይዝ ክረምቱን ይጀምራል። ብድር የሚገመግም ባንክ የዓመቱን መጨረሻ ቁጥር ብቻ አይቶ የማይረካው፣ የየወሩን የሒሳብ እንቅስቃሴ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ምጣኔ ገንዘቡ በየትኛው ቀን እንደሚገባና እንደሚወጣም አይናገርም። የምሳሌያችን መደብር መዝገቡን ሰኔ 30 ከዘጋ የትርፍ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 መክፈል አለበት፤ የአቅራቢዎች ክፍያና የባንኩ ብድር ደግሞ ከዚያ በፊት ይደርሱ ይሆናል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየሳምንቱ የሚጠበቀውን ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ጽፎ ቀሪው ከዜሮ በታች የሚወርድበትን ሳምንት መፈለግ ባለሱቁ የትኛውን ዱቤ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የትኛውን የዕቃ ግዢ ማዘግየት እንዳለበት ያመለክተዋል።